የመድኃኒት ሙከራ የስምምነት ቅጽን በቀላል አማርኛ መተርጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ ባሉ ሆስፒታሎች ለሚካሄዱ የመድኃኒት ሙከራዎች የስምምነት ቅጽ ለሚተረጉሙ፣ ለሚያርሙና ለተሳታፊ ለሚያነቡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መልሶቹ እንዳይበታተኑ ከላይ እስከ ታች አንድ ምሳሌ እንጠቀማለን። ምሳሌው እንዲህ ነው፦ የደም ግፊት ሕመምተኞች የለመዱትን መድኃኒት ሳያቋርጡ፣ በላዩ ላይ ለ12 ሳምንት ወይ አዲስ መድኃኒት ወይ ፕላሴቦ ይወስዳሉ። ጥናቱ ለማስረዳት ብቻ የተፈጠረ ነው፤ በውስጡ ያሉት ስህተቶች ግን በየቅጹ የሚገኙ ናቸው።

ቅጹ በስንተኛ ክፍል ደረጃ መጻፍ አለበት?

ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ "ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረ ሰው የሚረዳው" ይላሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መለኪያው ግን ለእኛ አይሠራም። በብዛት የሚጠቀሰው የፍሌሽ-ኪንኬድ ቀመር ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማካይ ስንት ቃል እንዳለውና አንድ ቃል በአማካይ ስንት ክፍለ ቃል እንዳለው ይቆጥርና የክፍል ደረጃ ያወጣል። የቃላቱን ብዛት በ0.39፣ የክፍለ ቃላቱን ብዛት በ11.8 አባዝቶ ይደምርና 15.59 ይቀንሳል።

እስቲ "ደም ስንወስድ ትንሽ ሊያምዎት ይችላል" የሚለውን እንለካ። 5 ቃላት፣ 19 ፊደላት አሉት፤ በቃል 3.8 ፊደል ማለት ነው። እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ክፍለ ቃል ከቆጠርነው ውጤቱ 31.2 ይመጣል፤ 31ኛ ክፍል! ሳድሶቹን ትተን በድምፅ ብቻ ብንቆጥር እንኳ 12 ያህል ክፍለ ቃላት ስለሚሆኑ ወደ 15ኛ ክፍል ይጠጋል። ዓረፍተ ነገሩን ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴትዮም ትረዳዋለች። አማርኛ እንግሊዝኛ በአራትና በአምስት ቃል የሚለውን በአንድ ግስ ጠቅልሎ ስለሚናገር ነው ቀመሩ የሚሳሳተው። ስለዚህ ስፖንሰሩ "የአማርኛውን የንባብ ደረጃ በቁጥር አሳዩን" ሲል፣ የፕሮግራም ውጤት ከመላክ ይልቅ ይህን ስሌት አያይዞ በምትኩ ምን እንደተለካ መጻፍ ይሻላል።

ታዲያ ቀላልነቱን በምን እንለካው?

በሁለት ነገር፤ አንዱ ወረቀቱ ላይ፣ ሁለተኛው ሰው ፊት።

ወረቀቱ ላይ ዋናው ነገር የግሱ ርቀት ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አሉታውም አብሮት። "ከጥናቱ ቢወጡ ወደፊት በዚህ ሆስፒታል በሚያገኙት ማንኛውም የተመላላሽም ሆነ የተኝቶ ሕክምና አገልግሎት ላይ ምንም ዓይነት ተጽዕኖ…" እስከሚለው ድረስ አድማጩ ያስከትላል ወይስ አያስከትልም የሚለውን አያውቅም። እዚህ ሲደርስ ሐሳቡ ከተበታተነ "አይኖረውም" የምትለዋ አንድ ቃል ታመልጠዋለች፤ የሚቀረው ፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን ከ12 እስከ 15 ቃል ባለው ውስጥ ማቆም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ሐሳብ ብቻ ማስቀመጥ፣ "የሚሆን ሲሆን"፣ "መሆኑን እየገለጽን" የመሳሰሉ መቀጣጠያዎችን በአራት ነጥብ መቁረጥ ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር "ከጥናቱ ቢወጡም ሕክምናዎ አይቋረጥም። እዚህ ሆስፒታል እንደ ወትሮው ይታከማሉ።" ቢባል ምንም አይጎድልበትም።

ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። አንባቢው በአንድ ትንፋሽ የማይጨርሰውን ዓረፍተ ነገር አድማጩም አይጨርሰውም። አብዛኛው ተሳታፊ፣ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን፣ ቅጹን የሚያውቀው ነርሷ ስታነብለት ነው፤ ስለዚህ ቅጹ ለጆሮ መጻፍ አለበት። እዚህ ላይ መጥበቅና መላላት የሚያመጣው ጣጣ አለ። "መድኃኒቱን ይሰጣል" የሚለውን ላልቶ ካነበቡት ሰጪው አለ፤ "መድኃኒቱ ይሰጣል" ግን ጠብቆ ነው የሚነበበው። "ይሰጣል" የሚለው ግስ ግን ሁለቱም ላይ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው። "ሽፍታ" የሚለውም በሰውነት ላይ የሚወጣው መሆኑ ካልተነገረ አንባቢው ለአፍታ ጫካ ይገባል። "ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል" ከተባለ ችግር የለም።

ሰው ፊት የሚደረገውን መለኪያ ከታች በሙከራ ንባቡ ጥያቄ ሥር እናየዋለን።

አንድ አንቀጽ በተግባር እንዴት ይተረጎማል?

በጣም የሚያስቸግረውን እንውሰድ፤ ተሳታፊው በየትኛው ቡድን እንደሚመደብ የሚናገረውን። ቃል በቃል ሲተረጎም ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

"በዚህ በዘፈቀደ የተመደበ፣ ድርብ-ስውር፣ በፕላሴቦ ቁጥጥር የሚደረግበት ክሊኒካዊ ሙከራ ውስጥ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ከሆኑ በ1፡1 ጥምርታ የጥናት መድኃኒቱን ወይም ተመሳሳይ ፕላሴቦ ከሚቀበሉ ክንዶች በአንዱ ውስጥ የሚመደቡ ሲሆን እርስዎም ሆነ የጥናቱ ሐኪም ምደባውን የማያውቁ መሆኑን ልናሳውቅዎ እንወዳለን።"

35 ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር። ርዝመቱ ግን ትንሹ ችግር ነው። "በዘፈቀደ" በመዝገበ ቃላት ትክክል ነው፤ በሰፈር አማርኛ ግን ያለ ሥርዓት፣ እንዳሻው፣ በግድየለሽነት ማለት ነው። "ሥራውን በዘፈቀደ ሠራው" ሲባል ስድብ ነው። ሕመምተኛ "መድኃኒት በዘፈቀደ ይሰጥዎታል" ሲባል የሚሰማው ይኼው ነው። "ክንድ" ክንድ ነው፤ መርፌ የሚወጋበት። "ቁጥጥር"ም ፖሊስን ያስታውሳል።

ብዙዎች ከዚህ ለማምለጥ "በዕጣ" ይላሉ፤ ይሻላል። ግን ዕጣ ለአዲስ አበባ ሰው ባዶ ቃል አይደለም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲባል የወጣለት ታድሏል፣ ያልወጣለት ቀርቶበታል፤ አድማጩ አዲሱ መድኃኒት ሽልማት፣ ፕላሴቦው ኪሳራ ይመስለዋል። ይጠቅም አይጠቅም ገና ያልታወቀ መድኃኒት ግን ሽልማት አይደለም። የዕቁብ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል፦ ዛሬ ባይደርሰኝ በሚቀጥለው ዙር ይደርሰኛል። በዚህ ጥናት ሁለተኛ ዙር የለም። ስለዚህ "ዕጣ" የሚለውን ከተጠቀምን ሁለቱንም ግንዛቤዎች በግልጽ መዝጋት አለብን።

እንደገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

"አዲሱ የግፊት መድኃኒት ይጠቅም አይጠቅም ገና አልታወቀም። ይህን ለማወቅ ነው ጥናቱ የሚደረገው።

በጥናቱ ሁለት ቡድኖች አሉ። አንዱ ቡድን አዲሱን መድኃኒት ይወስዳል። ሌላው ቡድን በመልኩ ያንኑ የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዳል። ይህ ኪኒን ፕላሴቦ ይባላል።

የትኛው ቡድን እንደሚገቡ እርስዎም ሐኪሙም አይመርጡም። ኮምፒውተር በዕጣ ይለያል። ዘውድ ወይስ ጎፈር ብሎ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፤ ለሁለቱም ቡድን ዕድልዎ እኩል ነው። አንዴ የገቡበት ቡድን እስከ መጨረሻው አይቀየርም።

የትኛውን ኪኒን እንደሚወስዱ እርስዎ አያውቁም። ሐኪሙም አያውቅም። አደጋ ቢያጋጥምዎት ግን ሐኪሙ ወዲያው ማወቅ ይችላል።

በሁለቱም ቡድን እስካሁን የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት አያቋርጡም።"

ጽሑፉ ረዘመ። ይርዘም። የሚያሰለቸው የገጽ ብዛት ሳይሆን የማይገባ ገጽ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የሳንቲሙ ምሳሌ የሚሠራው ድልድሉ እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ሁለት ለአንድ ከሆነ "ከ3 ሰዎች 2ቱ አዲሱን መድኃኒት፣ 1ዱ ፕላሴቦ ይወስዳሉ" ማለት ይገባል። ሁለተኛ፣ "ፕላሴቦ" የሚለው ቃል አልጠፋም፤ ከተብራራ በኋላ ገብቷል። ተሳታፊው በኋላ ከሌላ ሐኪም አፍ ሲሰማው እንዲያውቀው ነው። "እንክብል" ትተን "ኪኒን" ያልነውም ሕዝቡ የሚለው እሱን ስለሆነ ነው።

የትኞቹ ቃላት በብዛት ያሳስታሉ?

አንደኛው ጥንድ "ምርምር" እና "ምርመራ" ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው የሚለያዩአቸው፤ በጆሮ ደግሞ ይቀላቀላሉ። "የምርምር ቡድናችን" የሚለውን የሰማ ሕመምተኛ ሙሉ ምርመራ በነፃ ሊደረግልኝ ነው ብሎ ደስ ብሎት ይፈርማል። የእኛ ምክር "ምርምር" የሚለውን ከቅጹ ማውጣት ነው። ለጥናቱ "ጥናት"፣ ለላቦራቶሪው "ምርመራ" ይበቃል። "ጥናት" ብቻውን ግን መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩትን ስለሚያስታውስ፣ የቅጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት ነው" ማለት አለበት። "ሙከራ" ያስደነግጣል ብለው የሚያለሰልሱት አሉ። ትንሽ ማስደንገጡ ይሻላል፤ ነገሩ ሙከራ ነውና።

"በጎ ፈቃድ" ሁለተኛው ወጥመድ ነው። በፈቃደኝነት ለማለት ተብሎ "በበጎ ፈቃድዎ ይሳተፋሉ" ይጻፋል። ከተማው ውስጥ በጎ ፈቃድ ማለት የክረምቱ የአረጋውያን ቤት እድሳት ነው፤ በጎ ሥራ። በጎ ሥራ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። አድማጩ እምቢ የማለት መብቱን ሳይሆን እምቢ ማለት የሚያሳፍር መሆኑን ነው የሚሰማው። "መግባትም አለመግባትም የእርስዎ ውሳኔ ነው። አልፈልግም ቢሉ ማንም ቅር አይለውም።" ይበቃል።

"ያለ ምንም ቅጣት ማቋረጥ ይችላሉ" የሚለውም እንዲሁ ነው። ቅጣትን ያላሰበ ሰው ቅጣት የሚባል ነገር እንዳለ የሚሰማው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚፈራውን ነገር በስሙ ጠርቶ መመለስ ይሻላል፦ ሐኪሙ አይቆጣም፣ ካርድዎ አይዘጋም፣ መድኃኒትዎ አይቋረጥም።

"ካሳ" ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያሰማል። ለትራንስፖርት የሚሰጥ ብር ካሳ ከተባለ፣ የተበደለ ነገር ያለ ይመስላል። ለእሱ "ለመጡበት ትራንስፖርት" ብሎ መጠኑን በብር መጻፍ ነው። በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክምና ማን እንደሚከፍል ደግሞ ራሱን በቻለ አንቀጽ ይገለጻል፤ "ስፖንሰር" የሚለውም እግር ኳስ ብቻ እንዳያስታውስ "ጥናቱን የሚያሠራውና ወጪውን የሚችለው ድርጅት" ይባላል።

"ሚስጥር" ከባድ ቃል ነው። "መረጃዎ በሚስጥር ይጠበቃል" የተባለ ሰው ከሐኪሙ ሌላ ማንም አያየውም ብሎ ነው የሚወስደው። የጥናቱ ተቆጣጣሪዎች፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን መዝገቡን ማየት ይችላሉ። ይህ በዚያው አንቀጽ፣ ከሚስጥሩ ቀጥሎ መጻፍ አለበት፤ ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ ሳይሆን።

ሰዓት፣ ቀንና የደም መጠን እንዴት ይጻፍ?

ፕሮቶኮሉ "8:00" ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ቁጥሩን ሳይነኩ "8 ሰዓት" ብለው የሚያልፉ ተርጓሚዎች አሉ፤ ያኔ ተሳታፊው ከቀኑ 8 ሰዓት ይመጣል፣ መድኃኒቱም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት ከሚል ቃል ጋር ይጻፍ።

"በየሁለት ሳምንቱ" የሚለው ብዙ ጊዜ "በየ15 ቀኑ" ይሆናል፤ በአማርኛ የተለመደ አነጋገር ነው። ጉብኝቱ በ14ኛው ቀን ከሆነ ግን አንድ ቀን ተንሸራተተ፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ሦስት ቀን ይሆናል። "በየ2 ሳምንቱ፣ ሰኞ ከጀመሩ ሁልጊዜ ሰኞ" ቢባል ማንም አይሳሳትም። "ወር" የሚለውን ደግሞ በሳምንት መቀየር ነው፤ ጳጉሜን የገባችበት ጥናት ላይ የ"3 ወር" ትርጉም ያጨቃጭቃል።

ከሁሉም የከፋው "ጾመው ይምጡ" ነው። ለኦርቶዶክስ ተሳታፊ ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ነው፤ ሽሮ በልቶ ቢመጣ ጾሟል። የደም ስኳሩ ውጤት ግን ይበላሻል፤ ቢጠየቅም በሙሉ ልብ "ጾሜያለሁ" ይላል። "ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለው ምሽት ከ4 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ። የጾም ምግብም አይብሉ። ቡናና ሻይም አይጠጡ። ውሃ ይችላሉ።" ብሎ መጻፍ ነው።

የደም መጠን በሚሊ ሊትር ብቻ ሲጻፍ የሚሰጠው ግምት የለም። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ "በእያንዳንዱ ቀጠሮ 10 ሚሊ ሊትር ደም እንወስዳለን፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው" ይባላል። የጠቅላላውን ድምርም ማሳየት ግዴታ ነው፦ 5 ቀጠሮ ካለ 50 ሚሊ ሊትር፣ 10 የሻይ ማንኪያ። በሲኒ ማስረዳት ያምራል፤ ግን ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ እንተወው።

የጎንዮሽ ጉዳቶችን ስንዘረዝር "የተለመደ"፣ "አልፎ አልፎ" የሚሉት ይበቃሉ?

አይበቁም። "የተለመደ" ለአማርኛ ሰሚ ምንም አይደል፣ አይጎዳም ማለትም ነው። በመድኃኒት መረጃዎች አሠራር "የተለመደ" የሚባለው ከ100 ሰዎች ከ1 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ሲታይ ነው፤ ስለዚህ በሰው ቁጥር ይጻፍ፦ "መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሰዎች እስከ 10 የሚሆኑት ራስ ምታት አመማቸው።" መቶኛ ከመጻፍ ይልቅ ሰው መቁጠር ይቀላል፤ የታችኛው ቁጥር ደግሞ አይቀያየር። አንዱን ከ10፣ ሌላውን ከ1,000 ብለው ካስቀመጡ አድማጩ 1,000 የሚለውን ሰምቶ ያኛው የበዛ ይመስለዋል።

የሕመሙን ስም ሳይሆን የሚታየውን ምልክት መጻፍ ይሻላል። ጉበት ሲጎዳ የሚመጣውን "የወፍ በሽታ" ብሎ የተረጎመ ሰው ትክክለኛ የሕዝብ ቃል ተጠቅሟል፤ ግን ለወፍ በሽታ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ባህል መድኃኒት ነው። "ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ በዚያው ቀን ይደውሉልን" ቢባል ወደ ሆስፒታሉ ይመጣል።

ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መተርጎም ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም ወይ?

ግማሹን ያረጋግጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንዱ ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ሦስተኛ ሰው ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን አድርጎ ያነጻጽራል። የተዘለለ መጠን፣ የጠፋ አሉታ፣ የተሳሳተ ቁጥር በዚህ ይያዛል።

የማይይዘው ነገር ግን አለ። "በዘፈቀደ" ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ልክ ዋናው ላይ ያለውን ቃል ይሆናል፤ ሁለቱ ዓምዶች ይገጥማሉ፣ አነጻጻሪውም ምልክት ያደርጋል። ሕመምተኛው የሰማው ስድብ ዓምዱ ውስጥ የለም። ይባስ ብሎ ቀላልና ጥሩ የሆነው ትርጉም ነው ልዩነት የሚያሳየው፤ "ድርብ-ስውር" የነበረው "እርስዎም ሐኪሙም አያውቁም" ሆኖ ሲመለስ አነጻጻሪው ቀይ ያሰምርበታል። በዚህ ጊዜ አማርኛውን ወደ ድሮው መመለስ የለበትም። ልዩነቱን "ትርጉም ተቀይሯል"፣ "ተዘሏል" ወይም "አገላለጹ ብቻ ተለይቷል" ብሎ መመደብና የሦስተኛውን ምክንያት በአንድ መስመር ጽፎ ማለፍ ነው።

የሙከራ ንባቡ እንዴት ይደረጋል?

ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ሰዎቹ ግን ተሳታፊዎቹን መምሰል አለባቸው፦ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ ማንበብ የማይችሉትም ተጨምረው። የቢሮ ባልደረባና የሕክምና ተማሪ አይሆኑም፤ ለእነሱ ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። በግፊት ክትትል ክፍል ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ትክክለኞቹ ናቸው። ይህንንም ቢሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጽሑፉ ክፍል በክፍል ይነበብላቸዋል። ከዚያ "ገባዎት?" ተብሎ አይጠየቅም። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው "አልገባኝም" ማለት ይሉኝታ አያስኬድም፤ መልሱ ሁልጊዜ "አዎ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ነው። ጥፋቱን ወደ ራስ ወስዶ መጠየቅ ይሻላል፦ "በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ዛሬ ቤት ሲገቡ ለቤተሰብ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?" ከዚያ አምስት ነገር ይጠየቃል፦ መድኃኒቱ እንደሚጠቅም ታውቋል ወይ? የትኛውን ኪኒን እንደሚወስዱ ማን ይመርጣል? የድሮ መድኃኒትዎን ምን ያደርጉታል? በመሀል መተው ቢፈልጉ ምን ይሆናል? ሌሊት ቢያምዎት ለማን ይደውላሉ?

መልሱ ቃል በቃል ይጻፍ። ለሁለተኛው ጥያቄ "ዶክተሩ ለኔ የሚሆነውን አይቶ ይሰጠኛል" የሚል መልስ ከመጣ፣ ሰውየው በትህትና የተናገረው የቅጹን ውድቀት ነው፤ ጥናቱን ከሕክምና ጋር አንድ አድርጎታል። ከ10 ሰው 2ቱ አንድ ጥያቄ ላይ ከወደቁ አንቀጹ እንደገና ይጻፋል፤ ለአዳዲስ ሰዎችም ይነበባል። ለስፖንሰሩም ለኮሚቴውም ከክፍል ደረጃ ይልቅ የሚያሳምነው ይህ የጥያቄና መልስ ሠንጠረዥ ነው።

ማንበብ የማይችል ተሳታፊ እንዴት ይፈርማል?

በዓለም አቀፉ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያ መሠረት ከጥናቱ ገለልተኛ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ይኖራል። ምስክሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል፤ ለፊርማ ብቻ ከኮሪደር የሚጠራ ሰው ምስክር አይደለም። ተሳታፊው አውራ ጣቱን ያትማል፣ ምስክሩ በራሱ እጅ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ቅጹን ያነበበችው ነርስ ምስክር መሆን አትችልም፤ የጥናቱ ሾፌርም እንዲሁ። አብሮ የመጣ ማንበብ የሚችል ዘመድ ይሆናል። ተርጓሚው እዚህ ላይ ሥራ አለው፦ የምስክሩ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው "ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ጥያቄ ጠይቆ መልስ አግኝቷል፤ የተስማማው በራሱ ፈቃድ ነው" የሚል በአንደኛ መደብ የተጻፈ ነገር ይሁን፤ ሴት ተሳታፊም ስላለች "ጠይቀው፣ አግኝተዋል" ተብሎ በአክብሮት ቢጻፍ የጾታ ጣጣው ይቀራል። በጽሑፉ ሁሉ "እርስዎ" የምንለውም በከፊል ለዚህ ነው። ለታዳጊዎች በሚዘጋጀው ቅጽ ግን "እርስዎ" ያስቃል፤ ለወንድና ለሴት ሁለት ቅጂ መሥራት በየቃሉ መሀል እዝባር ከመደርደር ይቀላል።

ከጸደቀ በኋላ የፊደል ግድፈት ብናገኝ ማረም እንችላለን?

ዝም ብሎ አይቻልም። ኮሚቴው ያጸደቀው ያንን ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል ቢለወጥም አዲስ ስሪት ሆኖ ይቀርባል፣ እስኪጸድቅ ድረስም የቀድሞው ይሠራል። ስለዚህ እርማቱ ከመቅረቡ በፊት ይለቅ። አንድ ቃል በሁለት ፊደል መጻፉ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፦ "ህክምና" ብለው ሲፈልጉ "ሕክምና" የተጻፈውን ኮምፒውተሩ አያገኘውም፤ ግማሹ ታርሞ ግማሹ ይቀራል። መጀመሪያ አንዱን መርጦ ሰነዱን በሙሉ ማስተካከል ነው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ፊደል ይሁን፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። መጠኑ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ "ሰ" እና "ሱ"ን በትንሹ ማተም ለአረጋውያን ዓይን መጨከን ነው።

በየገጹ ግርጌ የስሪት ቁጥርና ቀን ይኑር። ቀኑ በቁጥር ብቻ "15/05/2017" ከተጻፈ የውጭው ተቆጣጣሪ ሜይ 2017 ብሎ ያነበዋል፣ ጊዜው ያለፈበት ቅጽ ተጠቅማችኋል ብሎም ይጽፋል። "ስሪት 1.1፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2025)" ተብሎ ወሩ በስሙ ከተጻፈ ይህ አይመጣም። አዲሱ ስሪት ሲጸድቅ የአሮጌው ባዶ ቅጂዎች በዚያው ቀን ከየመሳቢያው ተሰብስበው ይወጡ፤ ለማረጋገጫ አንዱ ብቻ "የተተካ" ተብሎ በፋይሉ ይቀመጥ።